የቀን፣ የሳምንት ወይስ የወር ፓኬጅ? ከመግዛታችሁ በፊት የስልካችሁን ቆጣሪ እዩ

ታናሽ እህቴ በወሩ መጨረሻ ላይ ስልኳን ይዛ መጣች። "ፓኬጄ አይበረክትም፤ ወደ 5 ጊጋው ልቀይር ነው" አለችኝ። የምትገዛው የወር 3 ጊጋ ነው። በሃያኛው ቀን ገደማ ያልቅባታል። ከዚያ እስከ ወሩ መጨረሻ የቀን ፓኬጅ እየገዛች ትቆያለች፤ አንዳንድ ቀን ሁለቴ ትገዛለች።

ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚገዛው። አለቀ፣ ተጨማሪ ግዛ። ነገር ግን የትኛው ፓኬጅ እንደሚያዋጣ የሚነግራችሁ በ*999# የሚመጣው ዝርዝር አይደለም። ዝርዝሩ የሚያሳየው የምትገዙትን ሜጋ ዋጋ ነው። ኪሳችሁን የሚነካው ደግሞ በትክክል የተጠቀማችሁበት ሜጋ ዋጋ ነው። እሱን ለማወቅ የስልኩን የዳታ ገጽ ማንበብ ያስፈልጋል።

በአንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ገብታችሁ Network & internet፣ ቀጥሎ SIMs፣ ከዚያ ሲሙን ነክታችሁ App data usage ትከፍታላችሁ። ሳምሰንግ ላይ Connections ውስጥ Data usage ይባላል። በሌሎች ስልኮች ስሙ ትንሽ ይለያይ ይሆናል። ካልተገኘ በሴቲንጉ መፈለጊያ data usage ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ሲም ያለው ሰው የትኛውን ሲም እያየ እንደሆነ ይጠንቀቅ፤ ቆጣሪው ለየብቻ ነው። የዋይፋይ ቆጣሪም ሌላ ነው፤ እሱን ከፓኬጁ ጋር አትደምሩት።

የእህቴ ስልክ የሠላሳ ቀኑን 4.6 ጊጋ ይላል። ከሥሩ አፖቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድረዋል። ቴሌግራም 1.9 ጊጋ፣ ቲክቶክ 1.2፣ ፕሌይ ስቶር 0.6፣ ጎግል ፎቶስ 0.5፣ የቀሩት ሁሉ ተደምረው 0.4።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ዋናው መረጃ ያለው ግን አፑን ስትነኩት ነው። Foreground እና Background የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ። የመጀመሪያው አፑን ከፍታችሁ እያያችሁ የሄደው ነው። ሁለተኛው ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ ወይም ሌላ ነገር እየሠራችሁ፣ አፑ በራሱ ጊዜ የወሰደው ነው። መፍትሔው የሚለየው በዚህ ነው።

ፕሌይ ስቶርና ጎግል ፎቶስ ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉም Background ነበር። ፕሌይ ስቶር አፖችን በሞባይል ዳታ ያድሳል። ፎቶስ ደግሞ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ወደ ኢንተርኔት ይጭናል። በሁለቱ ብቻ 1.1 ጊጋ ሄዷል፤ እሷ አንዱንም አላየችውም። ፕሌይ ስቶር ውስጥ Auto-update apps የሚለውን Over Wi-Fi only አደረግነው። ፎቶስ ላይ ባክአፕ በሞባይል ዳታ እንዳይሠራ ዘጋነው።

ቴሌግራም ግን ሌላ ነበር። ከ1.9 ጊጋ ውስጥ 1.7ቱ Foreground ነው። ብዙ ሰው ቴሌግራም ዳታ ሲበላበት ቶሎ ብሎ Background data የሚለውን ይዘጋል። እዚህ ላይ ይህ ብዙም አይጠቅምም። የሚያተርፈው ቢበዛ 0.2 ጊጋ ነው፤ በዚያ ላይ መልእክት ሲመጣ ዘግይቶ ሊደርሳት ይችላል። ችግሩ ቻናል በከፈተች ቁጥር ቪዲዮውና ፋይሉ በራሱ ስለሚወርድ ነው። በቴሌግራም ሴቲንግ Data and Storage ውስጥ When using mobile data የሚል አለ። እዚያ ገብተን ቪዲዮና ፋይልን አጠፋን፣ ፎቶን ተውነው። አሁን የምትፈልገውን ቪዲዮ ራሷ ነክታ ታወርዳለች።

ቲክቶክን አልነካነውም። አውቃ፣ ወድዳ የምታየው ነው። መቀነስ የሚፈልግ ሰው ግን እዚያው አፑ ውስጥ Data Saver አለለት።

በሚቀጥለው ወር ቆጣሪው 2.5 ጊጋ አሳየ። ቴሌግራም ወደ 0.8 ወረደ፣ ፕሌይ ስቶር 0.1 ሆነ፣ ፎቶስ ጠፋ።

እንግዲህ ፓኬጆቹን እናወዳድር። ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር ለስሌት እንዲመች ክብ ቁጥር እወስዳለሁ። አንድ ጊጋን 1024 ሜጋ አድርጌ ነው የቆጠርኩት። እናንተ በዕለቱ ያለውን ዋጋ ተክታችሁ አስሉት።

| ፓኬጅ | የማሳያ ዋጋ | ሲገዛ 100 ሜጋ | እህቴ በወር 2.5 ጊጋ ስትጠቀም 100 ሜጋ |
|---|---|---|---|
| የቀን 100 ሜጋ | 10 ብር | 10 ብር | 11.70 ብር ገደማ |
| የሳምንት 1 ጊጋ | 60 ብር | 5.90 ብር | 10 ብር ገደማ |
| የወር 3 ጊጋ | 150 ብር | 4.90 ብር | 5.90 ብር ገደማ |
| የወር 5 ጊጋ | 220 ብር | 4.30 ብር | 8.60 ብር ገደማ |

ሦስተኛውን ዓምድ ብቻ ያየ ሰው 5 ጊጋውን ይገዛል። በሜጋ ከሁሉም ርካሽ እሱ ነውና። አራተኛው ዓምድ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ግማሹ ሳይነካ ጊዜው ካለፈ፣ የተጠቀመችበት እያንዳንዱ 100 ሜጋ ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የሳምንቱም እንዲሁ ነው። እሷ በሳምንት የምትጠቀመው 600 ሜጋ ገደማ ነው፤ የቀረው 400 በየሳምንቱ ይቃጠላል። የድሮውን አካሄዷን ከቆጠርነው ደግሞ 3 ጊጋው 150 ብር፣ ለቀሪዎቹ ቀናት አሥራ ስድስት የቀን ፓኬጅ 160 ብር፣ ድምሩ 310 ብር ነበር። አሁን በ150 ብር ወሩን ትጨርሳለች።

የቀን ፓኬጅ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ቤትም ሥራ ቦታም ዋይፋይ ላለው፣ ዳታ የሚያስፈልገው መንገድ ሲወጣ ብቻ ለሆነ ሰው ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። በዚህ የማሳያ ዋጋ ከሄድን መለያው አሥራ አምስት ቀን ነው። በወር ከዚያ ያነሰ ቀን የምትገዙ ከሆነ የቀኑ ይርከሳል፤ ከበለጠ የወሩን ውሰዱ። የሳምንቱ የሚያዋጣው ዳታ የሚበዛበት ሳምንት ሲመጣ ነው፤ ለምሳሌ ወደ ገጠር ለበዓል ስትሄዱና ዋይፋይ በሌለበት ስትከርሙ።

የሌሊት ፓኬጅ በሰዓት የታጠረ ስለሆነ ለከባድ ማውረድና አፕ ለማደስ ጥሩ ነው፤ ለዋና ፓኬጅ ግን አይሆንም። የማኅበራዊ ሚዲያ ፓኬጅ የሚያጓጓ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ያንኑ ገጽ ተመልከቱ። በእህቴ ስልክ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲደመሩ ከ2.5ቱ 2 ጊጋ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያካትት ከተገኘ ሊያዋጣት ይችላል። ሆኖም ቴሌግራም ላይ የተላከ ሊንክ ተነክቶ በብራውዘር ሲከፈት ከዚያ ፓኬጅ ውጪ ነው። ለቀሪው ግማሽ ጊጋ የሚሆን ሌላ ዳታ ያስፈልጋታል።

ፓኬጅ ሲያልቅ ዳታው ካልተዘጋ ከዋናው ሂሳብ በመደበኛው ታሪፍ መቁረጥ ይቀጥላል። እሱ ደግሞ ከፓኬጁ በጣም ይወደዳል። የሞሉት ካርድ በግማሽ ሰዓት የት እንደገባ የሚጠፋባቸው ሰዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው የሚያዙት። እኔ ገንዘቤን በካርድ ሂሳብ ላይ አላስቀምጥም። ቴሌብር ላይ አስቀምጬ ፓኬጁን በቀጥታ ከዚያ እገዛለሁ። የሳፋሪኮም ሲም ላለው ኤምፔሳ ተመሳሳይ ነገር ያደርግለታል።

ሁለተኛው መከላከያ እዚያው የዳታ ገጽ አጠገብ ያለው Data warning & limit ነው። ማስጠንቀቂያው ይነግራችኋል እንጂ አያቆምም። የሚያቆመው Set data limit ነው፤ ቁጥሩ ሲደርስ የሞባይል ዳታውን ይዘጋል። የእህቴ 3 ጊጋ ስለሆነ ማስጠንቀቂያውን 2.5፣ ገደቡን 2.9 ላይ አደረግነው። ልክ 3 ላይ አታድርጉት። ስልኩና ኩባንያው የሚቆጥሩት ለየብቻ ስለሆነ ትንሽ ልዩነት አይጠፋም። ሂሳብ የሚያዘው ኩባንያው በቆጠረው ነው። በኢትዮ ቴሌኮም ሲም ቀሪውን በ*804# እያያችሁ ከስልኩ ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ከሰፋ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቆጣሪው መነሻ ቀን ነው።

መነሻ ቀኑን በጣም ልብ በሉት። የወር ፓኬጅ ሠላሳ ቀን ነው፤ ከእኛ ወር ጋር ልክ ይገጥማል። መስከረም 5 የተገዛ ጥቅምት 5 ያበቃል፣ እንደገና ተገዝቶ ኅዳር 5። ስልኩ ግን በፈረንጅ ቀን ነው የሚቆጥረው። ሴፕቴምበር 15 ብላችሁ ብታስተካክሉት በየወሩ 15 ላይ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ኅዳር 5 ደግሞ ኖቬምበር 14 ነው። አንድ ቀን ተንሸራተተ። ስለዚህ ፓኬጅ በገዛችሁ ቁጥር usage cycle የሚለውን ወደ ገዛችሁበት ቀን መልሱት። አይፎን ላይ ቆጣሪው በራሱ ወደ ዜሮ አይመለስም። Cellular ወይም Mobile Data ገጽ መጨረሻ ላይ Reset Statistics አለ፤ ፓኬጁን በገዛችሁበት ደቂቃ ንኩት። ያለዚያ የምታዩት ቁጥር የስንት ወር ድምር እንደሆነ አታውቁም።

የሚያበቃበትን ሰዓትም ከሚላክላችሁ አጭር መልእክት ላይ አንብቡ። 14:30 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። እህቴ አሁን ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲጮህላት አላርም ሞልታለች፤ ሲጮህ አዲሱን ትገዛለች ወይ ዳታዋን ታጠፋለች።