ኔት ሲጠፋ የሚሰራው አምፖል፦ የዋይፋይ ወይስ የዚግቢ?

ጅማ ዝናቡ ሲጠነክር እኛ ሰፈር ኔት ጥርግ ይላል፣ አንድ ማታ ስማርት አምፖሉን በስልክ የማዝበት አፕ "ኦፍላይን" እያለኝ ሳሎኑ ቦግ እንዳለ ቀረ፣ ከብርድ ልብስ ወጥቼ በግድግዳው ማጥፊያ አጠፋሁት።

የዋይፋይ አምፖል፦ ርካሽ ነው፣ ራውተር ካለህ በቃ። ግን ብዙዎቹ ላይ ትዕዛዙ ከስልክህ ወጥቶ ውጭ ያለ ሰርቨር ደርሶ ነው የሚመለሰው፣ አንተና አምፖሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ማለት ነው። አንዳንዱ ግን በቤት ዋይፋይ ብቻም ይታዘዛል። ለመለየት ራውተሩን ሳታጠፋ የኢንተርኔቱን ገመድ ብቻ ንቀል፣ የስልክህን ዳታ ዝጋ፣ ከዛ አብራ አጥፋ በለው።

ዚግቢ፦ ከዋይፋይ የተለየ ገመድ አልባ ግንኙነት ነው፣ አምፖሎቹን የሚያገናኝ ሀብ የሚባል መሳሪያ ያስፈልገዋል፣ ወጪው እሱ ጋ ነው። እኔ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሆም አሲስታንት የሚባል የቤት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ጭኜ የዚግቢ ዩኤስቢ ሰካሁበት፣ የሰዓቱም የሪሞቱም ትዕዛዝ ከቤት አይወጣም። ዝግጁ ሀብ ከገዛህ ግን ያንኑ የገመድ ፈተና አድርግበት፣ ኔት ሲሄድ የሚደነዝዝ አለ። ሪሞቱን ቀጥታ ከአምፖሉ ጋር ባይንድ አድርገህ ማገናኘት ከቻልክማ ሀቡ ቢጠፋም ይሰራል። መጥፎው ነገር፣ አምፖሎቹ ሲግናል ስለሚቀባበሉ እማዬ አንዱን በግድግዳው ስታጠፋ የጓዳው አምፖል አንዳንዴ ግንኙነቱ ይቋረጥብኛል።

መብራት ሄዶ ሌሊት ሲመጣ ሁለቱም ቦግ ሊሉ ይችላሉ፣ ሴቲንግ ውስጥ "እንደነበረው ይቆይ" የሚል ካለ ምረጠው።

ተከራይ ከሆንክና አምፖሉ ሁለት ሶስት ከሆነ ፈተናውን ያለፈ የዋይፋይ ይበቃሃል። የራስህ ቤት ሆኖ ብዙ ክፍል ካለህ ዚግቢ፣ ግን ሀቡን ዩፒኤስ ላይ ሰካው።