ማርጂን ኮል የሚመጣው ዋጋ ሲወድቅ ብቻ አይደለም፤ ተጠንቀቁ

በማርጂን አካውንት አክሲዮን የምትገዙ ሰዎች፣ ወይም አካውንት ስትከፍቱ «ማርጂን» የሚለው ሳጥን ላይ ዝም ብላችሁ ምልክት ያደረጋችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። እኔ ሳልጠየቅ 50 አክሲዮኖቼ ተሽጠውብኛል። በዚያ ቀን ዋጋው አንድ ሳንቲም እንኳ አልወረደም ነበር።

ማርጂን አካውንት ማለት ብሮከሩ አበድሯችሁ አክሲዮን የምትገዙበት አካውንት ነው። የብድሩ መያዣ የገዛችሁት አክሲዮን ራሱ ነው። በአሜሪካ ገበያ ሬጉሌሽን ቲ የሚባል ደንብ አለ። በእሱ መሠረት አብዛኛውን አክሲዮን ስትገዙ የዋጋውን ግማሽ መበደር ትችላላችሁ። እኔ 10,000 ዶላር ነበረኝ፣ 10,000 ተበደርኩ። አንዱን በ100 ዶላር ሂሳብ 200 አክሲዮን ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ ብሮከሩ የሚከታተለው ምን ያህል እንደከሰራችሁ አይደለም። የአክሲዮኑን የዛሬ ዋጋ ይወስዳል፣ ብድሩን ይቀንሳል። የሚቀረው የእናንተ ድርሻ ነው። ይህ ድርሻ ከአክሲዮኑ ጠቅላላ ዋጋ ስንት በመቶ እንደሆነ ያያል። ከተወሰነ ወለል በታች ከወረደ ማርጂን ኮል ይመጣል፤ ማለትም ብሮከሩ የጎደለውን እንድትሞሉ ይጠይቃል። ወለሉን ሜንቴናንስ ማርጂን ይሉታል። ፊንራ የተባለው የአሜሪካ ብሮከሮች ተቆጣጣሪ ዝቅተኛውን 25 በመቶ ላይ አስቀምጦታል። ብሮከሮቹ ግን ከዚያ በላይ መጠየቅ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ይጠይቃሉ። የእኔው 30 በመቶ ነበር።

እኔም ሂሳቤን ሠርቼ ነበር። ወለሉ 30 በመቶ ከሆነ ብድሩ ከ70 በመቶ መብለጥ የለበትም። 10,000ን ለ0.70 ሳካፍል 14,286 ዶላር ገደማ መጣ። ለ200 አክሲዮን ሲካፈል አንዱ 71.43 ዶላር ነው። «ዋጋው ከ71 ዶላር በላይ እስካለ ድረስ ማንም አይነካኝም» ብዬ ተረጋጋሁ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ብድሩን አውቀዋለሁ፣ ዋጋውንም አየዋለሁ። 30 በመቶው ግን የእኔ ቁጥር አልነበረም።

አክሲዮኑ ቀስ በቀስ ወርዶ 80 ዶላር ላይ ቆመ። ጠቅላላው 16,000 ሆነ። ብድሩ ሲቀነስ የእኔ ድርሻ 6,000፣ ማለትም 37.5 በመቶ ነው። ከወለሉ በላይ ነኝ። ከዚያ ኩባንያው የሩብ ዓመት ውጤቱን ሊያወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ብሮከሩ በዚህ አክሲዮን ላይ ወለሉን ከ30 ወደ 50 በመቶ አሳደገው። ዋጋው እዚያው 80 ላይ ነው። ከእኔ የሚፈለገው ድርሻ ግን በአንድ ጊዜ 8,000 ሆነ፤ 2,000 ዶላር ጎደለኝ።

መልእክቱ ጠዋት ገባ፣ እኔ ያየሁት ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ሸጠዋል። 2,000 ስለጎደለ የ2,000 ዶላር አክሲዮን ሸጡ እንዳትሉ። ጥሬ ገንዘብ ባስገባ 2,000 ይበቃ ነበር። በሽያጭ ሲሆን ግን ድርሻዬ አይጨምርም፤ ብድሩና የአክሲዮኑ ዋጋ እኩል ነው የሚቀንሱት። የእኔ 6,000 ግማሽ እንዲሆን ጠቅላላው ወደ 12,000 መውረድ አለበት። ስለዚህ የ4,000 ዶላር፣ ማለትም 50 አክሲዮን ሸጡ። በ100 የገዛሁት በ80 ሄደ።

ደውዬ ተከራከርኩ። የፈረምኩትን ውል አነበቡልኝ። ብሮከሩ ወለሉን በማንኛውም ጊዜ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊያሳድግ ይችላል። ሳያሳውቀኝም መሸጥ ይችላል። የትኛው አክሲዮን እንደሚሸጥ የመምረጥ መብት የለኝም፣ ተጨማሪ ቀን የመጠየቅ መብትም የለኝም። አንዳንድ ብሮከር ሁለት ሦስት ቀን ይሰጣል፤ ያ ግን በፈቃዱ ነው። ይህ አንቀጽ የእኔ ብሮከር ብቻ የፈጠረው አይደለም፣ በማርጂን ውሎች ውስጥ የተለመደ ነው። ውላችሁን አውጡና ፈልጉት።

በነገራችን ላይ፣ ከዚህ የባሰም አለ። ያው 200 አክሲዮን በመጥፎ ዜና ምክንያት በማግስቱ 45 ዶላር ላይ ቢከፈት 9,000 ብቻ ያወጣል። ብድሩ 10,000 ነው። ያስገባችሁት ሁሉ ጠፍቶ ገና 1,000 ዶላር ዕዳ አለባችሁ፣ ወለዱ ሳይቆጠር።

አሁን መተግበሪያችሁን ክፈቱ። ባይንግ ፓወር የሚለውን ትልቁን ቁጥር እለፉት፤ እሱ ውስጥ ብድርም አለበት። የያዛችሁትን እያንዳንዱን አክሲዮን ነክታችሁ የሜንቴናንስ በመቶኛውን ተመልከቱ፤ ከአክሲዮን አክሲዮን ይለያያል። ከዚያ ሂሳቡን ዛሬ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን በ50 በመቶ ሥሩት፦ ብድራችሁን በሁለት አባዙት። የአክሲዮናችሁ ዋጋ ከዚያ ካነሰ፣ እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ናችሁ። ከውጤት ማውጫ ቀን በፊት ከብድሩ ጥቂት ክፈሉ፣ ወይም የሚሸጠውን ራሳችሁ መርጣችሁ ሽጡ። መበደር የማትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ብሮከራችሁን ወደ ካሽ አካውንት እንዲቀይርላችሁ ጠይቁ።