ሁለት ክረምት ያየ ቆርቆሮ፦ በምስማር የተመታው ወገን እና በስክሩ የታሰረው ወገን

ደብረ ብርሃን ያለው የሰርቪስ ቤታችን ጣሪያ ባለ 32 ጌጅ ሞገድ ቆርቆሮ ነው፣ አሁን ሁለት ክረምት አልፎታል። ስለ ቆርቆሮው ብቻ ብጠየቅ "ደህና ነው" ብዬ አልፍ ነበር፣ ግን ሲሠራ ጎማ ያለው ስክሩ ሱቁ ውስጥ ስላለቀ ግማሹ ጣሪያ በስክሩ ታሰረ፣ ግማሹ ደግሞ በተለመደው ባለ ኮፍያ ምስማር ተመታ። ስለዚህ ሳላስበው ጥሩ ማወዳደሪያ አገኘሁ፣ ቆርቆሮው አንድ፣ ባሕር ዛፉ አንድ፣ ዝናቡም ያው።

ሰሞኑን መሰላል አቁሜ ወጣሁ። የስክሩው ወገን ብርሃኑ ደብዝዞ ግራጫ ሆኗል፣ ይሄ ጤነኛ ነው፣ ዝገት ግን የለበትም። የምስማሩ ወገን ላይ ብዙዎቹ ምስማሮች ከሥራቸው ቡናማ እንባ አፍስሰዋል። በምስማሮቹ መሀል ያለው ቆርቆሮ ግን ንጹህ ነው፣ ልክ እንደ ሌላው ወገን። ማለትም ዝገቱ የሚጀምረው ቀዳዳው ጋ ነው።

ለምን ቀዳዳው ጋ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ምስማሩ ዚንኩን ስለበሳው" ይላል፣ እሱ ግማሽ መልስ ነው። ዚንክ እንደ ቀለም ሸፍኖ ብቻ የሚቀመጥ አይደለም፣ ውሃ ሲነካው ከብረቱ ቀድሞ ራሱ ይበላል፣ በዚያም ጎኑ ያለውን የተራቆተ ብረት ያድናል። ለዛ ነው ቆርቆሮ በመቀስ የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ ቶሎ ዝገት የማታየው። የምስማር ቀዳዳ ጠርዝም በዚሁ ሊድን ይገባው ነበር። ችግሩ ዚንኩ የሚቆየው እየራሰ የሚደርቅ ከሆነ ነው፣ ሲደርቅ ላዩ ላይ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይሠራና መበላቱ ይዘገያል። ሁሌ እርጥብ የሆነ ቦታ ላይ ግን ያ ሽፋን አይጠነክርም፣ ነጭ ዱቄት እየሆነ ያልቃል፣ ከዛ ተራው የብረቱ ነው። ከምስማር ኮፍያ ሥር ደግሞ ውሃ ገብቶ ፀሐይና ነፋስ የማይደርስበት ጠባብ ክፍተት አለ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ቢሆን እንኳ እዛ ውስጥ እርጥብ ነው።

አንዱን የዛገ ምስማር ነቅዬ አየሁት። በኃይል ስለተመታ የሞገዱን ጉብታ አጎድጉዶት ዙሪያው እንደ ትንሽ ስኒ ሆኗል፣ ውሃ እዛ ይቆማል። ከኮፍያው ሥር ያለው ጎማ ተሰንጥቋል (ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነ ፀሐዩ ለርካሽ ጎማ አይመችም)። የምስማሩ አንገት ዚንኩ አልቆ ቀይ ሆኗል፣ የራሱ ዚንክ ስስ ስለነበር። ምስማሩ ሲራቆት ደግሞ በዙሪያው ያለው የቆርቆሮ ዚንክ ለሱም ጭምር መበላት ይጀምራል፣ ማለትም ርካሽ ምስማር ውድ ቆርቆሮን ይበላል ብል ማጋነን አይሆንም። ቀዳዳውም ክብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ታች ረዝሟል።

ቀዳዳው ለምን ረዘመ ካላችሁ፣ ቆርቆሮ በሙቀት ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል። እኛ ጋ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት ውርጭ አለ፣ ቀትር ላይ ደግሞ ጣሪያው እጅ አያስነካም። 3 ሜትር ቆርቆሮ 50 ዲግሪ ልዩነት ቢያይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ይህን በየቀኑ ያደርጋል። ምስማሩ አጥብቆ ይዞት ስለሆነ ወይ ቀዳዳውን ያሰፋል ወይ ራሱ ከእንጨቱ ቀስ እያለ ይወጣል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ ከተመታ ደግሞ እንጨቱ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ምስማሩ ይላላል፣ ኮፍያው ይነሳል፣ ክፍተቱ ይሰፋል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ተደራርቦ ነው የሚመጣው።

አናጢው ሽማግሌ ናቸው፣ ስንሠራ "ልጄ፣ ስክሩ እንጨት ላይ ይለቃል፣ ምስማር ይሻላል" ብለውኝ ነበር። እንጨቱ እርጥብ ወይም ቀጭን ከሆነ እውነታቸውን ነው። የኛ ግን የደረቀ ስለነበር እና ስክሩው 65 ሚሊ ሆኖ ጉብታውን አልፎ ወደ 4 ሳንቲም እንጨት ውስጥ ስለገባ እስካሁን የላላ የለም። "ጋሼ ይምጡና ይዩት" ብያቸው መጥተው አይተውታል፣ "እሺ፣ ጎማው ነው የረዳህ" ነው ያሉኝ፣ ብዙም አልተሳሳቱም።

ጎማው ላይ ልቆይ። ጥሩው ኢፒዲኤም የሚባለው ነው፣ ከብረት ዋሸሩ ሥር ተጣብቆ የሚመጣ፣ በጥፍር ስትጫኑት ገብቶ የሚመለስ። ሲታጠፍ ነጭ መስመር የሚያወጣውን ወይም እንደ ፕላስቲክ የሚደርቀውን ተዉት። ከካላማዳሪ እየቆረጡ የሚያደርጉም አሉ፣ ከምንም ይሻላል ግን በእጅ ስለሚቆረጥ እኩል አይቀመጥም። አጠባበቁ ደግሞ ዋናው ነገር ነው፣ ጎማው ከዋሸሩ ጠርዝ እኩል እስኪሆን ብቻ። ጎማው ወደ ውጭ ተርፎ ካበጠ ወይም ጉብታው ከጎደጎደ በዝቷል፣ ዋሸሩን በጣት ማዞር ከቻላችሁ አንሷል። ድሪሉን በሙሉ ኃይል የሚነዳ ሠራተኛ ካለ አስቁሙት፣ የመጨረሻዋን ዙር በእጅ ያድርጋት።

ቦታው፣ ሞገድ ቆርቆሮ እንጨት ላይ ሲታሰር ሁሌ ጉብታው ላይ ነው፣ ቦዩ ላይ ከሆነ ውሃው በላዩ ነው የሚሄደው። ቀዳዳውን በድሪል ቀድማችሁ ከስክሩው ትንሽ ሰፋ አድርጉት፣ ለመለጠጡ ቦታ ያገኛል፣ ጎማው ይሸፍነዋል። ከአሸንዳው በላይ ባለው ረድፍ እና ጣሪያው አናት ላይ ነፋሱ ስለሚበረታ በየሁለተኛው ጉብታ፣ መሀል ላይ በየሦስተኛው። ከድሪሉ የሚወጣውን የብረት ብናኝ በዛው ቀን ጥረጉት፣ ሌሊት ጤዛ ሲነካው ይዝግና ቆርቆሮው የዛገ ያስመስለዋል። በግራይንደር መቁረጥ ደግሞ በፍጹም፣ ፍንጣሪው ዚንኩን ያቃጥላል፣ የቆርቆሮ መቀስ ይበቃል።

ሱቅ ላይ ስትገዙ ደግሞ ጌጅ ውፍረት ነው (ቁጥሩ ሲጨምር ይሳሳል)፣ የዚንኩን መጠን አይነግራችሁም። ዜድ 275 የሚል ካገኛችሁ በሁለቱም ፊት ተደምሮ በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ ማለት ነው፣ በአንድ ፊት 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ! ስስ ነው፣ ስለዚህ ውሃ የሚቆምበት ቦታ አትፍጠሩለት።

አሁን የተመታ ጣሪያ ላላችሁ፣ ቡናማውን መስመር በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ከጠፋና ሥሩ ግራጫ ከሆነ የዛገው ምስማሩ ነው፣ ቆርቆሮው ገና ነው። ካልጠፋና ሻካራ ሆኖ ከተቀረፈ ቆርቆሮው ተበልቷል። ከቤት ውስጥ መብራት አጥፍታችሁ ቀና ብትሉ ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ ታያላችሁ፣ ምስማሩ ዙሪያ የጠቆረ እንጨትም ምልክት ነው። መጠገኛው፣ ምስማሩን መንቀል፣ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ ዚንክ ያለበት ቀለም መቀባት፣ ሲደርቅ በዛው ቀዳዳ ወፈር ያለና ሰፊ ዋሸር ያለው ስክሩ ማስገባት። እንጨቱ ከበሰበሰ ስክሩም አይረዳም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን አትጠቀሙ፣ አሲዱ ዚንኩን ራሱ ይበላል። ካትራሜ ከላይ መለጠፍም ፀሐይ ሲሰነጥቀው ውሃውን ከሥሩ ይይዛል፣ በቃ ያው ችግር ነው።

ስክሩው ከምስማር ውድ ነው፣ ሥራውም ይዘገያል፣ ይህን አልክድም። እኔ ግን የምስማሩን ወገን ዝናቡ ሲያባራ በጥቅምት ልቀይረው ነው፣ ከዳር ካለው ረድፍ ጀምሬ፣ እዛ ነው የባሰው።