ፑኬት ወይስ ኮ ሳሙይ? መጀመሪያ ነፋሱን እዩ

"ታይላንድ ክረምቱ መቼ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ ግማሽ ነው። አገሪቱ ሁለት ባሕር ስላላት ሁለቱም ጋ እኩል አይዘንብም። ሁለቱም ደሴቶች ናቸው፤ ፑኬት ያለው በምዕራብ በኩል፣ አንዳማን ባሕር ላይ ነው። ኮ ሳሙይ ደግሞ በምሥራቅ፣ በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ። በመካከላቸው 300 ኪሎ ሜትር እንኳ የለም፤ የዝናብ ወራቸው ግን ለየቅል ነው። (ወራቱን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ የአየር ንብረት ሰንጠረዦቹም የሚወጡት በዚያው ነው።)

ነገሩ ሁሉ የነፋስ ጉዳይ ነው። ከሜይ እስከ ኦክቶበር ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል። መጀመሪያ የሚያገኘው ፑኬትንና አጠገቡ ያለውን ክራቢን ነውና ጭነቱን እዚያ ያራግፋል። መሐል ላይ ያሉት ተራሮች ስለሚከልሉ ሳሙይ ጋ የሚደርሰው ቀለል ብሎ ነው። ኦክቶበር አካባቢ ነፋሱ አቅጣጫ ይቀይርና ከሰሜን ምሥራቅ መንፈስ ይጀምራል፤ ባሕረ ሰላጤውን ሲያቋርጥ እርጥበቱን ይሰበስባል፣ ያን ጊዜ ተረኛዋ ሳሙይ ናት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ኦገስት ላይ ፑኬት 300 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል፣ ሳሙይ ግን ከመቶ ብዙም አያልፍም። ሴፕቴምበር ፑኬት ላይ ይብሳል፣ 350ን ያልፋል። ኖቬምበር ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሳሙይ ወደ 500 ሚሊ ሜትር ትጠጋለች፣ ፑኬት ደግሞ ገና እየደረቀ ነው። እየደረቀ ነው አልኩ እንጂ ደርቋል አላልኩም፤ የወሩ መጀመሪያ ላይ ዝናብ አይጠፋም። ፌብሩዋሪ ከሆነ ሁለቱም ጋ ብትሄዱ ችግር የለም፣ እሱን በዋጋ ወይም በበረራ ወስኑት።

ሰንጠረዡን ስታዩ ግን ሚሊ ሜትሩን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። አጠገቡ የዝናብ ቀናት ብዛት አለ። 200 ሚሊ ሜትር በ10 ቀን የወረደበት ወር ማለት ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ይጥልና ያባራል ማለት ነው፤ ያንኑ ያህል በ20 ቀን የወረደበት ደግሞ ሰማዩ ቶሎ ቶሎ የሚደፈንበት ነው። የፀሐይ ሰዓትም ካለ እሱን እዩት፣ ለኔ እንደውም ከዝናቡ በላይ የሚናገር እሱ ነው። ሌላው፣ ቁጥሩ የየትኛው ከተማ እንደሆነ አረጋግጡ። "የታይላንድ አየር" ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ የባንኮክ ነው፣ ባንኮክ ደግሞ ስለ ሳሙይ ኖቬምበር ምንም አይነግራችሁም።

ሰንጠረዡ ላይ የማታገኙት ነገር ባሕሩ ነው። ፑኬት በዝናቡ ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን እንኳ ማዕበሉ ላይተኛ ይችላል። ምዕራብ የሚያዩት ዳርቻዎች ላይ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ዋናተኛን ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ ስላለ ባንዲራው ካለ አትግቡ፣ አለቀ። ለመጥለቅ የሚመረጡት የሲሚላን ደሴቶች ጭራሽ ከሜይ አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ዝግ ናቸው። እንግዲህ ሴፕቴምበር ላይ የፑኬት ሪዞርት በግማሽ ዋጋ ሲቀርብላችሁ ቅናሹ ከየት እንደመጣ ገባችሁ። ለማረፍ፣ ለማሳጅ፣ ለመብላት ብቻ ከሆነ የምትሄዱት ውሰዱት፣ እኔም አልቃወምም። በጀልባ ደሴት ለደሴት ለመዞር ካሰባችሁ ግን ጉዞው በማዕበል ቢሰረዝ ገንዘባችሁ ይመለስ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ስለዚህ እረፍታችሁ ጁላይ ወይም ኦገስት ከሆነ ሳሙይ፣ ከዲሴምበር እስከ ማርች ከሆነ ፑኬት። ዲሴምበር ላይ ሳሙይ አሁንም ይዘንባል፤ ለገና በዓል ብለው ሄደው የሚበሰብሱት ይህን ሳያዩ ነው።

የሚያስቸግረው ወር ኦክቶበር ነው። ፑኬት ዝናቡ ገና አልለቀቀም፣ ሳሙይ ላይ ደግሞ እየጀመረ ነው፤ የቱንም ብትመርጡ ቁማር ነው። ፈቃዳችሁ የሚወጣው በዚያ ወር ብቻ ከሆነ ታይላንድን ትታችሁ የኢንዶኔዥያዋን ባሊን እዩ። ባሊ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሆነች ደረቅ ወቅቷ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ነው። ዋናው ዝናብ የሚመጣው በኋላ ነው፣ ጃንዋሪ አካባቢ ይጠነክራል። ባሊም ብትሆን ታዲያ የወሩን መጀመሪያ ያዙ፣ ወደ መጨረሻው ደመናው መሰብሰብ ይጀምራል።