ቤት ስገባ የሚቆረጠው ስልኬ፦ ስምንት ወር "ካልተከፈተ" ስልክ ጋር

ይህን ስልክ መጠርጠር የጀመርኩት እናቴ "ምን አድርጌህ ነው ስልክ የምትዘጋብኝ?" ያለችኝ ዕለት ነው። እሷ ደሴ ናት፣ እኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ። እሁድ እሁድ ማታ እንደዋወላለን። ገና የሰላምታውን ግማሽ ሳትጨርስ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ሰዓቱን ሳየው 0:11። ስደግም 0:09። በሦስተኛው 0:14 ላይ ሲቆም "ተወው ልጄ፣ ሥራ ይዘህ ይሆናል" ብላ ታኮርፋለች።

ስልኩ ሰከንድ ሃንድ ነው፣ በ18 ሺህ ብር የገዛሁት። ካሜራው ጥሩ ነው፣ ባትሪው ከጠዋት እስከ ማታ ያደርሰኛል፣ ስክሪኑ ላይ ጭረት የለም። ስለ እነዚህ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ሻጩ "ወንድሜ፣ የዱባይ ነው፣ እጅ ያልነካው፣ ያልተከፈተ!" ብሎ ምሎልኛል። "ያልተከፈተ" የምትለዋን ያዙልኝ።

መጀመሪያ እንደ ማንም ሰው "ኔትወርክ ነው" አልኩ። ቢሮ ይሠራል፣ ታክሲ ውስጥ ይሠራል፣ በረንዳ ላይ ስወጣም ይሠራል። ሳሎን ስገባ ይቆረጣል። ስለዚህ በኮንክሪቱ አሳበብኩ፤ ኮንክሪትና በውስጡ ያለው ብረት ሲግናል ማዳከሙም እውነት ነው። አራት ወር ሙሉ ጃኬት ደርቤ በረንዳ ላይ አወራሁ። ጎረቤቶቼ ያላወቁት የቤቴ ጉዳይ ያለ አይመስለኝም።

ዓይኔን የገለጠችው ባለቤቴ ናት። የእሷ ስልክ የእኔን ሩብ እንኳ አያወጣም። እኔ በረንዳ ላይ ስንዘፈዘፍ እሷ ከጓዳ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ከእህቷ ጋር ግማሽ ሰዓት ታወራለች። ያው ቤት፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ኔትወርክ። በዚያ ማታ ሲማችንን ተቀያየርን። የእኔ ሲም በእሷ ስልክ እንደ ልብ አወራ፤ የእሷ ሲም በእኔ ስልክ 0:12 ላይ ሞተ። ከሲሙም ከግድግዳውም ይልቅ ጥፋቱ እጄ ላይ ነበር።

ቀጥሎ ለካሁት። Settings > About phone > SIM status ውስጥ ብትገቡ የሲግናሉን ጥንካሬ በ dBm ይነግራችኋል። ቁጥሩ ነጌቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የ4G እና የ3G ቁጥር አይነጻጸርም። የእኔ ስልክ ስደውል 4G የሚለው ጠፍቶ H+ ይመጣል፣ ማለትም ለጥሪ ወደ 3G ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱንም ስልኮች 3G ላይ አድርጌ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የእሷ -97፣ የእኔ -112። የ15 ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በኃይል ሲሰላ ግን ወደ ሠላሳ እጥፍ ነው። እሷ የምትሰማውን እኔ የምሰማው አንድ ሠላሳኛ ሆኖ ነው።

ታዲያ ለምን ይጠራል? ለምንስ ይነሳል? ይሄ ነው ሲያናድደኝ የከረመው። የሰፈራችን የመጀመሪያው ሞባይል ሠሪ "ጉንጭህ ነው፣ ሴንሰሩ ስክሪኑን ስለማያጠፋው በጉንጭህ ትዘጋዋለህ" አለኝ። እንዲህ ዓይነት ችግር መኖሩ አይካድም፣ በተለይ የስክሪን መከላከያው ሴንሰሩን ሲሸፍነው። ግን ጉንጬን ቢሮ ስሄድ ቤት ትቼው አልሄድም እኮ! ይህን ስለው "እንግዲያው ሶፍትዌር ነው" ብሎ ፍላሽ አደረገው። 500 ብሬ ሄደ፣ የልጄ የልደት ፎቶዎች ሄዱ፤ ማታ ጥሪው 0:10 ላይ ተቆረጠ።

ሁለተኛው ሰውዬ ትንሽ ሱቅ ያለው፣ ብዙ የማያወራ ነው። "ሲቆረጥ መጀመሪያ ማን ነው የማይሰማው?" ብሎ ጠየቀኝ። አሰብኩት። እኔ እናቴን እሰማታለሁ፤ እሷ ግን "ሃሎ? ሃሎ? ጠፋህ" ትላለች። ከዚያ ነው የሚቆረጠው። "እንግዲህ ስልክህ ይሰማል፣ መናገር ነው ያቃተው" አለኝ።

በኋላ እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪኑ ላይ የምናያቸው ባሮች ስልኩ ታወሩን ምን ያህል እንደሚሰማ ነው የሚያሳዩት፤ ታወሩ ስልኩን ምን ያህል እንደሚሰማ አያሳዩም። ታወር በብዙ ዋት ይጮኻል፤ ስልክ በ3G ጊዜ ሩብ ዋት ብቻ ነው ያለችው። በብዙ ስልኮች ላይ ከላይ ያለው አንቴና ለመስማት ብቻ የሚያግዝ ነው፤ የሚናገረው ዋናው አንቴና ታች፣ ቻርጀር በሚሰካበት በኩል ነው። ጥሪው ሲጀመር የሚላኩት መልእክቶች አጫጭር ናቸው፤ ካልደረሱም ይደገማሉ፣ ስለዚህ እንደ ምንም ያልፋሉ። ድምፅ ግን ሳያቋርጥ መፍሰስ አለበት። ታወሩ ስልኩ ሲጠፋበት ወዲያው አይዘጋም፣ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል። የእኔ 0:09 እና 0:14 ከዚያ ጥበቃ የመጡ ናቸው። በረንዳ ላይ የተዳከመው ጩኸትም ይደርሳል፤ ግድግዳ ሲጨመርበት አይደርስም።

ሰውዬው ጀርባውን በሙቀት አላልቶ በቀጭን ፕላስቲክ ፈለቀቀው። ገና ሲከፍተው ሳቀ። ዙሪያውን ያለው ማጣበቂያ የፋብሪካው አልነበረም፣ ከቱቦ የሚጨመቀው ጥቁር ሙጫ ነው። አንድ ብሎን ጎድሏል። ከዚያ በጥፍሩ ጫፍ አሳየኝ፦ እንደ ስፌት ክር የቀጠነች ሽቦ ከላይኛው ቦርድ ተነስታ በባትሪው ጎን ወደ ታችኛው ትወርዳለች፣ ጫፏ ላይ ከምስር ፍሬ የምታንስ ክብ ቁልፍ አለች። ያቺ ቁልፍ ከመቀመጫዋ ወጥታ ጎኑ ላይ ጋደም ብላለች። ዋናውን አንቴና የምታገናኘው እሷ ነበረች። ባትሪ ወይም ስክሪን የቀየረ ሰው ነቅሏት ሲዘጋ ረስቷታል። በጥፍሩ ጫን አደረጋት፤ "ጠቅ" አለች። 400 ብር ከፈልኩ።

"ያልተከፈተ" ያልከኝ ወንድሜ፣ ትሰማኛለህ? አውቃለሁ፣ "እኔም እንደዚያው ነው የተረከብኩት" ልትለኝ ነው። ታዲያ ለምን ማልክ? ሱቅህ ውስጥ ደውለህ "ይኸው ይሠራል" ስትለኝ ደጃፍ ላይ፣ መስታወት በሌለው በር ፊት እንደቆምን አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ላዩ ወርቅ፣ ውስጡን ለቄስ! ዛሬ ሰከንድ ሃንድ ብገዛ ግን ሱቁ በር ላይ ቆሜ አልሞክርም፤ ሕንጻው ምድር ቤት ወርጄ፣ ሌላ ስልክ ጎን ይዤ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አወራበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሳሎን ውስጥ -98 ያነባል። መታጠቢያ ቤት አሁንም ይቆረጣል፣ እዚያ የባለቤቴም ይቆረጣል፣ እሱን ለኮንክሪቱ ትቻለሁ። መብራት ረጅም ሰዓት ሲጠፋም የታወሩ ባትሪ ያልቅና ሁላችንም አብረን እንቸገራለን። ስልኩ አንዴ ስለተከፈተ ውሃ ይከላከላል ብዬ አላምነውም፤ ዝናብ ሲጥል በፌስታል ነው የምይዘው። ልሸጠው አስቤ ነበር፣ ተውኩት። ተናድጄበት እንኳ ካሜራው ያባብለኛል።

ባለፈው እሁድ ከእናቴ ጋር ሶፋ ላይ ተንጋልዬ አወራሁ። የእድሩን፣ የአክስቴን ጉልበት፣ የጤፍ ዋጋ ሁሉ ነገረችኝ። ድንገት ቀጥ አለ። ዘልዬ ተነሳሁ፣ ያቺን ሽቦ ልረግማት አፌን ስከፍት ስክሪኑ ላይ 41:26 ይላል። ሒሳቤ አልቆ ነው።