«ናፈቀኝ» ማለት ወይስ እጅን ማሳየት

ሁለት አጻጻፎችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። የመጀመሪያው፦ «ቤቴ በጣም ናፈቀኝ፤ ብቸኝነት ይሰማኛል።» ሁለተኛው፦ «ሌሊት ስነሳ እጄ የመብራቱን ማብሪያ ከበሩ በስተግራ ይፈልጋል። ግድግዳው ልሙጥና ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ማብሪያው በስተቀኝ ነው።»

የመጀመሪያው ውሸት የለበትም። ግን አንባቢው ስሜቱ ተነገረው እንጂ አልደረሰበትም፤ «በጣም» ብሎ ማጠንከሩም አልረዳም። በሁለተኛው ውስጥ ናፍቆት የሚል ቃል የለም። ያለው የለመደ እጅ ነው፤ ሰውየው ቤቱን ትቶ ሄዷል፣ እጁ ግን ገና እዚያው ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው አንባቢው ራሱ ስለሆነ ስሜቱ የእሱም ይሆናል።

እንዲህ ያለ ምስል የሚገኘው «ምን ተሰማኝ?» ከማለት ይልቅ «ሰውነቴ የት ላይ ተሳሳተ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። እኔ ከዓይን ይበልጥ ጆሮን፣ አፍንጫንና መዳፍን አምናለሁ። የጀምበር መጥለቅንና ዝናብን ማንም ሊጽፋቸው ስለሚችል የማንንም ቤት ለይተው አያሳዩም።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። ጸሐፊው አንባቢ እንዳይስተው ፈርቶ «አይ ናፍቆት!» ብሎ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ምስሉ ለቃሉ ማስረጃ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያንን መስመር በጣት ሸፍኖ ማንበብ ነው። የጎደለ ነገር ከሌለ ይሰረዝ፤ ከጎደለ ግን መታረም ያለበት ምስሉ ነው።

ለእናት በሚላክ አጭር መልእክት ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። እዚያ «ናፈቅሽኝ» ይበቃል።