ለሆምፔጅ ዋየርፍሬም ወረቀት፣ ዋይትቦርድ ወይስ ፊግማ?

ጅማ ውስጥ ዌብሳይት መሥራት የጀመሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ዋየርፍሬም በምን ልሥራ? የስዕል ታብሌት ልግዛ እንዴ?» ዋየርፍሬም ማለት የገጹ ክፍሎች የት የት እንደሚቀመጡ ብቻ የሚያሳይ ረቂቅ ስዕል ነው። መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ወረቀት። ሌላው ሁሉ ከሱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

ከዋጋ እንጀምር። ወረቀት መግዛትም አያስፈልግም። ኮፒ ቤት ገብታችሁ የተበላሸባቸውን ወረቀት ብትጠይቁ፣ ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጧችኋል። የሚገዛው አንድ ወፍራም ጥቁር ማርከር ብቻ ነው። እስክሪብቶ አይሁን። በእስክሪብቶ ከሳላችሁ ትንንሽ ነገር መጨመር ያምራችኋል፤ ወፍራም ማርከር ግን ዝርዝር ውስጥ ልግባ ብትሉም አያስገባችሁም።

ዋይትቦርድ ለቡድን ጥሩ ነው፤ ኪስ የሚጎዳው ማርከሩ ነው። ርካሹ አስመስሎ የተሠራ ማርከር ቶሎ ይደርቃል፣ ሲጠፋም ጥላ ጥሎ ይሄዳል። አንዳንዱማ ላዩ ላይ የዋይትቦርድ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ የማይለቅ ቀለም ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ከገጠማችሁ ሰሌዳውን አትፋቁት። በደህና የዋይትቦርድ ማርከር ላዩ ላይ ደርባችሁ ጻፉና ሳይደርቅ ጥረጉት፣ ይለቃል። ስትገዙ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ከፍታችሁ ሞክሩ፤ ባለሱቁ ካኮረፈ ያኩርፍ።

ታብሌቱን እርሱት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የታወቀ ስም ያለበት ቅጂ ገዝቶ ኮምፒውተሩ ሊያውቅለት አልቻለም፤ ሲያውቅለት ደግሞ የብዕሩ ጫፍ አለቀ፣ መለዋወጫውም የለም። ሣጥን ለመሳል ይሄ ሁሉ ወጪ ለምን?

ኮምፒውተር ላይ ከሚሳልባቸው ፕሮግራሞች ፊግማ በነፃ ይጀመራል፣ ባልሳሚቅ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ የዶላር ካርድ ይጠይቃል። የፊግማ ችግሩ ዋጋው አይደለም። ሣጥን ስትሠሩ ቀለሙ፣ ፎንቱ፣ ጥላው ሁሉ አጠገባችሁ ነው፤ ሳይታወቃችሁ ዲዛይን ጀምራችኋል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ደንበኛው አይቶ «ይሄ ሰማያዊ ትንሽ ይደምቅ» ካለ፣ ስለ ክፍሎቹ ቅደም ተከተል የምታወሩበት ዕድል አመለጣችሁ ማለት ነው።

አንድ ሥራ ላሳያችሁ። ቡና ላኪ ነው፤ የሚያየው ሰው ውጭ አገር ያለ ገዢ ነው። ኤ4 ወረቀቱን በቁመቱ ለሁለት ቆርጣችሁ የስልክ ስክሪን ዓይነት ጠባብ ቁራጭ ታወጣላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱን የሆምፔጅ ክፍል ለብቻው ቁራጭ ላይ ትስላላችሁ፦ መግቢያው፣ የቡና ዝርዝሩ፣ ስለ እኛ፣ የናሙና መጠየቂያው። ፎቶ የሚገባበት ቦታ ሣጥን ሆኖ ውስጡ ኤክስ ይደረግበታል። ረጅም ጽሑፍ በመስመር ይወከላል። ርዕስና በተን ግን በእውነተኛ ቃል ይጻፋሉ፣ ይሄ የማልደራደርበት ነው። ርዕሱን መጻፍ ካቃታችሁ ለክፍሉ የሚሆን ይዘት የለም ማለት ነው።

ቁራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ከላይ እስከ ታች ደርድራችሁ ለባለቤቱ ትሰጡታላችሁ። የኛው ሰውዬ መጀመሪያ ከቦታው ያነሳው «ስለ እኛ» የሚለውን ቁራጭ ነበር። «ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ያልታጠበው ጅማ 5 ነው ወይስ የታጠበ ነው፣ ከዚያ ናሙና ላክ ይለኛል» አለና የናሙና መጠየቂያውን ከታች አንስቶ ከቡና ዝርዝሩ ሥር አስቀመጠው። ቀጠለና ዝርዝሩ ላይ በማርከር «በኮንቴይነር 320 ጆንያ» ብሎ ጻፈ። ጆንያው 60 ኪሎ ስለሆነ 19.2 ቶን መሆኑ ነው፤ እኛ ያላሰብነው መስመር ነበር። ወረቀት ስለሆነ ሰውየው ለመንካት አልፈራም። ላፕቶፕ ላይ ቢሆን ኖሮ እጁን አጣጥፎ «ጥሩ ነው» ብሎን ነበር የሚሄደው።

ሲያልቅ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ቁራጮቹንም ከጀርባ ቁጥር ስጧቸው፤ አንድ ቀን ነፋስ ሲገባ ይገባችኋል። ደንበኛው አዲስ አበባ ከሆነና አብራችሁ መቀመጥ ካልቻላችሁ ኤክስካሊድሮ የሚባለውን የኢንተርኔት መሳያ ሰሌዳ ተጠቀሙ። ነፃ ነው፣ አካውንት አይጠይቅም፣ መስመሩም በእጅ የተሳለ ስለሚመስል ማንም የተጠናቀቀ ዲዛይን አድርጎ አያየውም። ባልሳሚቅም መልኩ እንደዚያው ነው፣ ግን ነፃው እያለ ዶላር ፍለጋ መሄዱ አይታየኝም።

ወረቀት የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ፦ ጽሑፉ በትክክለኛው መጠን ስክሪኑ ላይ ይበቃል ወይ የሚለውን። በማርከር ሲጻፍ በሁለት መስመር ያለቀ የአማርኛ ርዕስ ስልክ ላይ አራት መስመር ይሆንና በተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከጸደቀ በኋላ ፊግማ ክፈቱ፤ በግራጫ ብቻ፣ በአንድ ፎንት፣ እውነተኛውን ጽሑፍ አስገብታችሁ ስልካችሁ ላይ እዩት። ቀለም ከዚያ በኋላ።